ሬድ ዶት ወይስ የብረት ማነጣጠሪያ? ለጀማሪ ሽጉጥ ተኳሽ ከራሴ ልምድ

ሽጉጥ መተኮስ ለመማር የሚነሳ ሰው ገና አንድ ጥይት ሳይተኩስ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ሬድ ዶት የተባለ ማነጣጠሪያ ላስገጥምበት ወይስ ከሽጉጡ ጋር በመጣው የብረት ማነጣጠሪያ ልጀምር? መልስ ፍለጋ ከሄዳችሁ ሁለት ጎራ ታገኛላችሁ። አንዱ «መጀመሪያ በብረት ተማር፣ ሬድ ዶት ያሰንፍሃል» ይላል። ሌላው «ብረት ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አትልፋ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ለምደው ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ ጀማሪ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ረስተውታል።

እኔ የጀመርኩት በሬድ ዶት ነው። አብሮኝ ሥልጠና የገባው ጓደኛዬ ደግሞ በብረት። አሰልጣኛችን አንድ ናቸው፣ ጥይታችንም ያው ዘጠኝ ሚሊ። ጥቂት ወራት ከቆየን በኋላ ሽጉጥ ተለዋወጥን። ስለዚህ የሁለቱንም ጅማሬ በቅርብ አይቻለሁ፣ አንዱን በራሴ ላይ፣ ሌላውን በጎኔ በቆመ ሰው ላይ።

የታዘብኩትን ከወዲሁ ልናገር። ብረቱ የሚፈትነው ዓይንን ነው፣ ሬድ ዶቱ የሚፈትነው እጅን ነው። ሁለቱም ያደክማሉ፣ የሚያደክሙበት ቦታ ግን ይለያያል። ፍጥነቱም ሆነ የመማሪያው ጊዜ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

ከብረቱ እንጀምር። ከኋላ መሃሉ የተሰነጠቀ ብረት አለ፣ ከፊት አንድ ቀጥ ያለች ብረት። የፊቷ በኋላው ስንጥቅ መሃል ትገባለች፣ ጫፎቻቸው እኩል ይሆናሉ፣ ከግራና ከቀኝ የሚታየው ክፍተትም እኩል ይሆናል። ከዚያ ያንን ይዞ ኢላማው ላይ ማሳረፍ ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ርቀት ብቻ መሆኑ ነው። እዚህ ደግሞ ሦስት ርቀቶች አሉ፤ የኋላው ብረት፣ የፊቱ ብረት እና ኢላማው። ትምህርቱ «የፊቷን ብረት አጥርተህ እይ፣ ኢላማው ይደብዝዝ» የሚል ነው። ተፈጥሮ ግን ተቃራኒውን ይላል። ሰው ሊመታ የፈለገውን ነገር ነው የሚያየው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ ዓይኑ በየጊዜው ወደ ኢላማው ይሸሽ ነበር። ቃታውን ሊስብ ሲል «መታሁት ወይ?» ብሎ አሻግሮ ያያል፣ በዚያች ቅጽበት ብረቶቹ ይዛነፋሉ።

መዛነፉ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳያችሁ። መካከለኛ መጠን ባለው ሽጉጥ ላይ ከኋላው ብረት እስከ ፊቱ ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የፊቷ ብረት ከመሃል አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትስት፣ 10 ሜትር ላይ ያለው ኢላማ ላይ ጥይቱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። 5 ሜትር ላይ ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ ለጀማሪ ዓይን ምንም አይደለችም። ስለዚህ በብረት የሚተኩስ ጀማሪ እየሳተ ለምን እንደሚስት አያውቅም። ለእሱ ሁሉም ነገር ልክ ይመስለዋል።

ሬድ ዶት ሌላ ነገር ነው። ስላይድ በሚባለው፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል ላይ አንዲት ትንሽ መስታወት ትቆማለች። ከበስተኋላ ያለች ትንሽ መብራት በመስታወቱ ላይ ታበራለች፣ መስታወቱ ቀዩን ብርሃን ወደ ዓይናችሁ ይመልሳል። ሌዘር አይደለም። ኢላማው ላይ ምንም ብርሃን አያርፍም፣ ነጥቡን የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ። ዋናው ጥበብ ነጥቡ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ሩቅ፣ ከኢላማው ጋር ያለ ሆኖ መታየቱ ነው። ስለዚህ ዓይን አይከፋፈልም። ኢላማውን ታያላችሁ፣ ነጥቡ ራሱ መጥቶ ይቀመጥበታል። ነጥቡ በመስታወቱ መሃል መሆንም የለበትም። ጥግ ላይ ቢሆንም ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ከሞላ ጎደል ጥይቱ የሚያርፍበት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሬድ ዶት ያሸነፈ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው ያስገጠምኩት። ሽጉጡን አንስቼ ስዘረጋ ግን መስታወቱ ባዶ ነው። ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ይህ የሁሉም ጀማሪ ዕጣ ነው። በብረት ሲሆን ሽጉጡ ትንሽ ተዛንፎ ቢመጣም ብረቶቹ ስለሚታዩ የት እንዳሉ ዓይቶ ማረም ይቻላል። በሬድ ዶት ግን የሽጉጡ አቅጣጫ በተወሰነች ዲግሪ ከሳተ ነጥቡ ከመስታወቱ ውጭ ይወጣና ጭራሽ ይጠፋል። በየት በኩል እንደጠፋም አይናገርም። ጀማሪው አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያወዛወዘ ይፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነጥቡ የሚጠፋው ወደ ላይ ነው። ምክንያቱም ጀማሪ ሽጉጡን ከታች ወደ ላይ እንደሚቀዝፍ ሰው እያነሳ ስለሚዘረጋ አፈሙዙ ቀና ብሎ ይደርሳል።

አሰልጣኙ አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ነጥቡን አትፈልገው» አሉኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። «እሱ እንዲመጣልህ አድርግ። መጀመሪያ ሽጉጡን ደረትህ ጋ አምጣው፣ ከዚያ ከዓይንህ በታች ከፍ አድርገው፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ፊት ግፋው። ዓይንህ ከኢላማው አይነሳ።»

ነገሩ ያለው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው። ሽጉጡ ወደ ዓይን መስመር የሚደርሰው እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ከሆነ፣ የቀረው መንገድ ቀጥታ ነው። እየገፋችሁ ሳለ ነጥቡ ግማሽ መንገድ ላይ ብቅ ይላል፣ እጃችሁ ተዘርግቶ ሳይጨርስ ታስተካክሉታላችሁ። በመጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ መቼም ይዘገያል።

ይህንን የምትለማመዱት ደግሞ ጥይት ሳታባክኑ ነው። ካዝናውን አውጡ፣ ስላይዱን ስባችሁ የጥይቱን ቤት በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ፣ የምታነጣጥሩበት ግድግዳ ጥይት የሚያስቆም ይሁን። ከዚያ ግድግዳው ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፉና እያያችሁት ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጨፍናችሁ ሽጉጡን ዘርጉ፣ ከዚያ ክፈቱ። ነጥቡ የት ነው? ምልክቱ ላይ ከሆነ እጃችሁ ተምሯል። ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚጠፋ ከሆነ የእጃችሁ አንጓ ቀና ብሏል፣ ትንሽ ወደ ፊት ዝቅ አድርጋችሁ ቆልፉት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሽጉጡን ስትጨብጡ መዳፋችሁ ላይ ጠምሞ ተቀምጧል ማለት ነው፣ አጨባበጡን ከሥሩ ቀይሩ። ከተዘረጋ በኋላ አንጓን በማጣመም ለማረም አትሞክሩ፣ ሲፋጠን ያው ስህተት ይመለሳል።

በቀን አስር ደቂቃ ያህል እንዲህ ማድረግ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ጥይት ከመተኮስ ይሻላል። እኔ ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጥቡ መጥፋቱን አቆመ። ድንገት ነው የሚለምደው። አንድ ቀን ስትዘረጉት እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ስለ ሬድ ዶት «ፈጣን ነው» የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ለማንና በስንት ሜትር? እጃችንን ዝቅ አድርገን ይዘን፣ ድምፅ ስንሰማ አንስተን አንድ ጥይት የመተኮስ ልምምድ ነበረን። 5 ሜትር ላይ፣ ትልቅ ወረቀት ኢላማ ላይ፣ ጓደኛዬ በብረት አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃው ነበር። እኔ ነጥብ ስፈልግ አንድ ሰከንድ ተኩል አንዳንዴም ሁለት ይፈጅብኛል። በዚያ ርቀት ብረቶቹ በትክክል ባይሰለፉም ወረቀቱ ይመታል። የፊቷ ብረት ኢላማው መሃል መሆኗን ማየት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ለጀማሪ ብረት ይፈጥናል። ይህን የሬድ ዶት ወዳጆች ሲናገሩት አትሰሙም።

ርቀቱ ወደ 15 ሜትር ሲሄድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኢላማው እንደ ምግብ ሳህን የሚያህል ክብ ብረት ነው። ጓደኛዬ ብረቶቹን ለማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፣ አስተካክሎም የፊቷ ብረት የኢላማውን ከፊል ትሸፍንበታለች፣ ከዚያም ዓይኑ እየተመላለሰ ይቸገራል። እኔ ነጥቡን ካገኘሁት ክቡ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የቀረኝ። የነጥቡም መጠን ይረዳል። የሬድ ዶት ነጥብ የሚለካው ኤምኦኤ በተባለ የማዕዘን መለኪያ ነው፣ አንድ ኤምኦኤ 10 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ የሽጉጥ ሬድ ዶቶች ከ2 እስከ 6 ኤምኦኤ ናቸው። 3 ኤምኦኤ የሆነ ነጥብ 15 ሜትር ላይ የሚሸፍነው 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ኢላማው ከነሙሉ ስፋቱ ይታያል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 6 ያለው ይስማማል፤ 2 የሆነውን በፍጥነት ለማግኘት ትንሽ ይደክማል።

ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ሌላ ፈተና ይመጣል። አይቆምም። ይንቀጠቀጣል፣ ይዋልላል፣ እንደ ዝንብ ይዞራል። የብረት ተኳሽም እጁ እኩል ይንቀጠቀጣል፣ ግን አያየውም። ሬድ ዶት ያሳያችኋል። ጀማሪው ይደነግጣል፣ ነጥቡ ከመሃሉ ጋር ሲገናኝ «አሁን!» ብሎ ቃታውን ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ሽጉጡ በሙሉ ወደ ታች ይጠመዘዛል። መፍትሔው መንቀጥቀጡን መቀበል ነው። ነጥቡ ኢላማው ውስጥ እስከሆነ ድረስ ይዋልል፣ እናንተ ቃታውን በእኩል ግፊት ወደ ኋላ ሳቡ። የሚንቀጠቀጥበት ክብ ኢላማውን ካላለፈ ጥይቱም አያልፍም። ብርሃኑንም ቀንሱት። በጣም የደመቀ ነጥብ ጠርዙ ይበተንና ትልቅ ይመስላል፣ መንቀጥቀጡንም ያጎላዋል።

እዚህ ላይ የአንድ አብሮን የሚማር ልጅ ነገር ልጥቀስ፣ ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ። የሚተኩሰው በቀኝ እጁ ነው። 10 ሜትር ላይ ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ ከመሃሉ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ይሰበሰባሉ። «ሬድ ዶቱ አልተስተካከለም» አለና ማስተካከያ ብሎኑን ሊያዞር ተነሳ። ሒሳቡም ትክክል ነበር። በእሱ ሬድ ዶት ላይ ብሎኑ ሲዞር የሚሰማው አንድ ቀጭታ አንድ ኤምኦኤ ነው፣ 10 ሜትር ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ወደ ላይ 20 ቀጭታ፣ ወደ ቀኝ 13 ወይም 14።

አሰልጣኙ አስቆሙት። «መጀመሪያ አስደግፈህ ተኩስ» አሉት። ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ጥድፊያ አምስት ጥይት ተኮሰ። የተሰበሰቡት ከመሃሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብለው ነው፣ ወደ ግራ ምንም የለም። ማለትም ሬድ ዶቱ የሚፈልገው ሦስት ቀጭታ ወደ ላይ ብቻ ነበር። የቀረው አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታችና አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ከእጁ የመጣ ነው።

ከዚያ አሰልጣኙ ካዝናውን ተቀብለውት ዞር ብለው ሞሉለት። ከእውነተኛዎቹ ጥይቶች መሃል የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ደባልቀውበታል፣ የት ላይ እንዳለ አያውቅም። ሁለት ተኮሰ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ሲስብ «ቀጭ» ብቻ አለ። ፍንዳታ የለም፣ ግን ሽጉጡ ወደ ታችና ወደ ግራ ዘለለ። ልጁ ራሱ ነጥቡ ከመስታወቱ ሥር ወርዶ ሲጠፋ አየው። ድምፁን ፈርቶ አስቀድሞ እየተጫነው እንደነበር ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ያንን 20 ቀጭታ አዙሮት ቢሆን ኖሮ፣ እጁ በተሻሻለ ቁጥር ጥይቱ ወደ ላይና ወደ ቀኝ እየሄደ ግራ ያጋባው ነበር።

ጓደኛዬ ያው ስህተት ነበረበት። በብረት ግን ምልክቱ በጣም ትንሽ ነው፤ የፊቷ ብረት ለቅጽበት ዝቅ ትላለች፣ ያንን ለማየት ዓይኑ እዚያው ላይ መተከል አለበት። የእሱ ዓይን ደግሞ ኢላማው ላይ ነበር። ስህተቱን ለማወቅ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ለእኔ የሬድ ዶት ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ ነው። የቃታ አሳሳባችሁን በግልጽ ያሳያችኋል።

በቴፕ የሚደረግ አንድ ልምምድም አለ። ነጥቡን ትኩር ብሎ የማየት ልማድ ያለበት ሰው የመስታወቱን የፊት ለፊት ገጽ፣ ማለትም ወደ ኢላማው የሚያየውን በኩል፣ በቴፕ ይሸፍነዋል። በአንድ ዓይን ነጥቡን ብቻ ያያል፣ በሌላው ዓይን ኢላማውን። ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ከሆኑ አእምሮ ሁለቱን ምስል አንድ ያደርጋቸዋል፣ ነጥቡ ኢላማው ላይ ያለ ይመስላል። አንድ ዓይን የመጨፈን ልማድ ያለው ወይም ነጥቡን የሚያፈጥበት ሰው ግን ኢላማው ይጠፋበታል። አንዳንድ ሰው ላይ ነጥቡ ትንሽ ወደ ጎን ሊሸሽ ስለሚችል በዚህ ሁኔታ ሬድ ዶቱን ለማስተካከል አትሞክሩ። ለዓይን ልምምድ ብቻ ነው።

ስለ ዓይን ካነሳን፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ፈትሹ። አስቲግማቲዝም የተባለው የዓይን ችግር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ክብ ነጥብ አያይም። የተጎተተ፣ ጭራ ያለው፣ አንዳንዴም የፈነዳ ኮከብ የሚመስል ነገር ያያል። ብዙዎች ዕቃው የተበላሸ ይመስላቸዋል። መለያው ቀላል ነው። በመስታወቱ በኩል ነጥቡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ጉዳዩ የዓይናችሁ ነው። ብርሃኑን ስትቀንሱት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፣ መነጽርም ይረዳል። ካልሆነም የተጎተተውን ነጥብ ይዞ መተኮስ ይቻላል።

በሌላ በኩል ጓደኛዬ አርባውን አልፏል። ስልኩን ሲያነብ እጁን የሚዘረጋ ዓይነት ሰው ነው። የፊቷ ብረት በተዘረጋ እጅ ጫፍ ላይ ናት፣ ለእሱ ዓይን ሁልጊዜ ድብዝዝ ናት። የማንበቢያ መነጽር ሲያደርግ ብረቷ ጠራች፣ ኢላማው ግን ጠፋ። ሽጉጥ ስንለዋወጥ በሬድ ዶቱ በሁለተኛው ቀን የተሻለ መምታት ጀመረ። እጁ በብረት ሰልጥኖ ስለነበር ነጥቡን ለማግኘት እኔን ያህል አልተቸገረም። እኔ ደግሞ ወደ ብረት ስሄድ እጄ የተማረው ሁሉ አብሮኝ ነበር፣ የጎደለኝ ዓይኔን የፊቷ ብረት ላይ መትከል ብቻ ነበር። ቶሎ መጣ።

ባትሪውን እንነጋገር፣ ሰው አብዝቶ የሚፈራው እሱን ነው። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ሲአር 2032 ወይም ሲአር 1632 የተባለውን ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፣ 3 ቮልት። ሳጥኑ ላይ «እስከ 50,000 ሰዓት» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሲካፈል አምስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ነው። ግን ያ ቁጥር የተለካው በመካከለኛ ብርሃን ነው። በጠራራ ፀሐይ ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አድርጋችሁት ረስታችሁ ካስቀመጣችሁት ዓመታቱ ወደ ወራት ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ሳይነኩ ሲቀመጡ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ሲነቃነቁ ይበራሉ። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ ያለ ሽጉጥ አይተኛም።

ስለዚህ ሳጥኑን አትመኑ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማትረሱት ቀን፣ ቢሠራም ባይሠራም ቀይሩት። ሊያልቅ ሲል ምልክት አለው። ከፍ አድርጋችሁትም ነጥቡ ደብዛዛ ይሆናል፣ ወይም ስትተኩሱ ብልጭ ድርግም ይላል። አዲስ ባትሪ አስገብታችሁም ብልጭ ድርግም ካለ የባትሪው ክዳን በደንብ አልጠበቀም ወይም መነካኪያው ቆሽሿል። ብርድም ባትሪውን ያዳክማል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከሆናችሁ ይህንን አስቡት።

ስትገዙ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል» ሳይሆን «በየት በኩል ይገባል» ይሁን። በጎን ወይም በላይ የሚገባ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ነው። ከሥር የሚገባ ከሆነ ግን ሬድ ዶቱን ሙሉ በሙሉ ከሽጉጡ መንቀል፣ መልሶ ማሰር፣ ከዚያ ተኩሶ ማረጋገጥ አለባችሁ። ጀማሪ ከዚህ ይገላገል።

ብሎኖቹም ይላላሉ። ስላይዱ በእያንዳንዱ ጥይት ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወረወራል፣ ሬድ ዶቱም አብሮት። በአምራቹ መመሪያ ላይ በተጻፈው ጥብቀት እሰሩ፣ ብሎን የሚይዘውን ማጣበቂያ በትንሹ ቀቡ፣ ከዚያ በብሎኑ ራስና በአካሉ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር አድርጉ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። ትናንት መሃል የነበሩት ጥይቶች ዛሬ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ከሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን መስመር ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ይህ እውነተኛ ብልጫው ነው። ዝናብም አያስቸግረውም። ክፍት በሆነው ዓይነት ሬድ ዶት ግን መብራቷ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ወይም የጨርቅ ክር ካረፈች ነጥቡ ይበተናል ወይም ይጠፋል። በሁለት መስታወት የተዘጋው ዓይነት ከዚህ ይድናል፣ ግን ይወፍራል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ታዲያ በምን ትጀምሩ? የፊቷን ብረት አጥርቶ ማየት የማይችል ዓይን ያለው ሰው ያለ ምንም ማመንታት በሬድ ዶት ይጀምር። በቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ በየቀኑ የሚለማመድ ሰውም በሬድ ዶት ቢጀምር ይጠቀማል፣ የእጁን ስህተት ቶሎ ያያል። ጊዜ የሌለው፣ በወር አንዴ ብቻ የሚተኩስ፣ ከዚያ በቅርብ ርቀት ወረቀት መምታት የሚበቃው ሰው ግን በብረት ይቆይ። ያልተለማመዱት ሬድ ዶት ባዶ መስታወት ነው፤ ነጥቡን የማግኘቱ ችሎታ ደግሞ ከተዉት ቶሎ ይዝጋል። «በብረት ዓመት ሳትሞላ ሬድ ዶት አትንካ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ያ ዓመት የሚያስተምረው ዓይንን የፊቷ ብረት ላይ መትከል ነው፣ ሬድ ዶት የሚፈልገው ደግሞ የዚያን ተቃራኒ።

ሬድ ዶት ካስገጠማችሁ በመስታወቱ ውስጥ ከታች በኩል የሚታዩ ረዘም ያሉ ብረቶችም ይኑሩበት። ስትጀምሩ ነጥቡ ሲጠፋባችሁ የፊቷን ብረት ፈልጉ፣ ነጥቡ ከእሷ በላይ ይገኛል። በተኩስ ልምምድ ቀን ደግሞ አንድ ካዝና ሙሉ ሬድ ዶቱን አጥፍታችሁ ተኩሱ። መጀመሪያ በብረቶቹ፣ ከዚያ 5 ሜትር ላይ ብረቶቹንም ሳትጠቀሙ የመስታወቱን ፍሬም ራሱን እንደ ቀለበት ተጠቅማችሁ፣ ኢላማውን መሃሉ ላይ አድርጋችሁ። ትልቅ ኢላማ በዚህ መንገድ ይመታል። ርቀቱን ቀስ በቀስ ጨምሩና ቀዳዳዎቹ ከወረቀቱ መውጣት የሚጀምሩበትን ሜትር ለዩ። ባትሪ ያለቀ ቀን ያ ሜትር ገደባችሁ ነው።